የግዴታ ሥልጠና አቴንዳንስ፦ አርፋጁና ቀድሞ የወጣው እንዴት ይመዝገቡ?

ኦዲተሩ ፋይሉን ከፈተ። ብዙም አላገላበጠም። ከሰው ሀብት ክፍል ያመጣውን የዓመት ፈቃድ ዝርዝር አጠገቡ ዘርግቶ ነበር። ጣቱን ተራ ቁጥር 14 ላይ አሳረፈና «ይህ ሠራተኛ በዚህ ቀን ፈቃድ ላይ ነበር። እዚህ ደግሞ ፈርሟል። የቱ ነው እውነቱ?» አለኝ።

መልስ አልነበረኝም። ለካ ጓደኛው ፈርሞለት ነው። ነገሩ በተራ ቁጥር 14 ቢያበቃ ጥሩ ነበር። ግን ከዚያ በኋላ ኦዲተሩ በወረቀቱ ላይ የነበሩትን የቀሩትን ፊርማዎች ሁሉ መጠራጠር ጀመረ። እውነት ለመናገር እኔም ጀመርኩ።

ከዚያ ወዲህ የሥልጠና አቴንዳንስ የምይዝበት መንገድ ተለወጠ። ከታች የምጽፈው ያንን ነው። ምሳሌዬ በአንድ አዳራሽ የሚሰጥ የግማሽ ቀን የግዴታ ሥልጠና ነው፤ እንደ እሳት አደጋ መከላከል ያለ። ምክንያቱም ችግሩ ቁልጭ ብሎ የሚታየው እዚያ ነው። አንዱ ያረፍዳል፣ ሌላው ስልክ ተደውሎለት ይወጣል፣ ሦስተኛው ከሻይ ዕረፍት ሳይመለስ ይቀራል።

ኦዲተር የሚሄድባቸው ሁለት መንገዶች

ኦዲተር አቴንዳንስ ሲያይ መጀመሪያ ከሰው ወደ ወረቀት ይሄዳል። ከሠራተኞች ዝርዝር ጥቂት ስሞች ይመርጥና «እነዚህ ሰዎች መሠልጠናቸውን አሳዩኝ» ይላል። ቀጥሎ ከወረቀት ወደ ሰው ይመለሳል። ከፊርማ ወረቀቱ ጥቂት ስሞች ያነሳና እነዚያ ሰዎች በዚያ ሰዓት እዚያ መሆን ይችሉ እንደነበር በሌላ መዝገብ ያጣራል። በፈቃድ ዝርዝር፣ በፈረቃ ሰሌዳ፣ በበር መግቢያ መዝገብ።

አብዛኞቻችን የምንዘጋጀው ለመጀመሪያው ብቻ ነው። የሚጥለን ግን ሁለተኛው ነው።

ጎበዝ ኦዲተር ደግሞ ሦስተኛ ጥያቄ ይጨምራል። «ሥልጠናው ሦስት ሰዓት ነው ብላችኋል። ይህ ሰው ስንት ደቂቃ ተቀመጠ? በሌለበት ጊዜ ምን ትምህርት አለፈው?» ፊርማ ብቻ ያለበት ወረቀት ለዚህ ጥያቄ ምንም የሚለው የለም። ስለዚህ መዝገባችን ሰውየው መምጣቱን ብቻ ሳይሆን መቼ ገብቶ መቼ እንደወጣና ምን እንዳመለጠው መናገር አለበት።

ደረጃ 1፦ ደንቡን ከሥልጠናው በፊት ጻፉ

«አሥር ደቂቃ ያረፈደ ይቆጠርለታል ወይ?» የሚለው ጥያቄ ሰው ካረፈደ በኋላ ከተነሳ ነገሩ አብቅቷል። መልሱ የሚወሰነው ባረፈደው ሰው ማንነት ነው። አለቃ ከሆነ ይቆጠርለታል፣ የጽዳት ሠራተኛ ከሆነ አይቆጠርለትም። ኦዲተር እንዲህ ያለውን ነገር ሁለት ወረቀት በማስተያየት ያገኘዋል።

ስለዚህ ሁለት ነገር አስቀድማችሁ ወስኑ፤ ቀን ያለበትና ኃላፊ የፈረመበት ይሁን። አንደኛው ዝቅተኛው ደቂቃ ነው። እኔ 90 በመቶ እጠቀማለሁ። የእናንተ ሕግ ወይም ተቆጣጣሪ መሥሪያ ቤት ሙሉ ሰዓት የሚጠይቅ ከሆነ ግን 90 በመቶ አይሠራም፤ የእነሱ ቁጥር ይበልጣል። ሁለተኛው ደግሞ ጨርሶ ሊያመልጥ የማይችለው ክፍል ነው። የእሳት ማጥፊያ በእጅ ይዞ የመለማመጃው ሰዓት ለምሳሌ። ሌላውን ሁሉ ተከታትሎ እሱን ያመለጠው ሰው ሥልጠናውን አልወሰደም።

ደንቡን በመቶኛ ብቻ ሳይሆን በደቂቃም ጻፉት። 180 ደቂቃ ከሆነ «ቢያንስ 162 ደቂቃ» ብላችሁ አስፍሩ። መቶኛ ሲጠጋጋ ጭቅጭቅ ያመጣል፤ ደቂቃ ግን አያከራክርም።

ብዙ ቦታ «የ10 ደቂቃ ይቅርታ» የሚባል ልማድ አለ። እሱ ይኑር፣ አልቃወምም። ነገር ግን ይቅርታው ሰዓቱን እንዳይለውጠው። 3፡13 የገባ ሰው 3፡13 ተብሎ ይጻፋል። ይቅርታው የሚሠራው ውጤቱ ላይ ነው።

ደረጃ 2፦ ወረቀቱን በስም ሞልታችሁ፣ በሰዓት ባዶ አድርጋችሁ አትሙ

ባዶ ወረቀት አዙሮ «ስማችሁን ጻፉ» ማለት ቀላል ነው። ጉድለቱ የመጡትን ብቻ ማሳየቱ ነው። የቀሩት የትም አይታዩም። መምጣት የነበረባቸውን ሰዎች ስም ከነመለያ ቁጥራቸው ከሰው ሀብት ዝርዝር ወስዳችሁ አስቀድማችሁ አትሙ። ዝርዝሩ በየትኛው ቀን እንደወጣም ግርጌ ላይ ይጻፍ፤ ከስድስት ወር በኋላ የተቀጠረና የተዛወረ ሰው ስለሚኖር ያንን ቀን ትፈልጉታላችሁ። በዚያ ቀን ፈቃድ ላይ ያለ ሰው ካለ ከስሙ አጠገብ «ፈቃድ» ተብሎ አስቀድሞ ይታተም። ቢያንስ የእኔ ዓይነት ጉድ አይደርስባችሁም።

ከላይ የሥልጠናው ርዕስ፣ የትምህርቱ ይዘት ስንተኛ እትም እንደሆነ፣ ቀን፣ ቦታ፣ የአሠልጣኙ ስም፣ ገጽ 1 ከ2 የሚል ቁጥር ይኑር። ከዚያ አራት ባዶ ቦታዎች ተዉ፦ በትክክል የተጀመረበት ሰዓት፣ ዕረፍት የወጡበት፣ ከዕረፍት የተመለሱበት፣ ያበቃበት። በዕቅድ የተያዘውን ሰዓት አታትሙበት። የታተመ ሰዓት ሰው ሁሉ የሚገለብጠው ሰዓት ነው።

ለእያንዳንዱ ሰው የመግቢያ ሰዓት፣ ፊርማ፣ የመውጫ ሰዓት፣ ፊርማ፣ አስተያየት። በቃ። «የተከታተለው ደቂቃ» የሚለውን እዚህ አታስገቡ። ሒሳብ በአዳራሽ በር ላይ አይሠራም።

ደረጃ 3፦ በሩ ላይ አንድ ሰው፣ አንድ ሰዓት

አሠልጣኙ አቴንዳንስ አይያዝ። እያስተማረ ማን ገባ ማን ወጣ ብሎ መቁጠር አይችልም። በሩ ላይ አንድ መዝጋቢ ይቀመጥ፤ ወረቀቱም ከእሱ እጅ አይውጣ። ወረቀቱ ወንበር ለወንበር ሲዞር ነው ጓደኛ ለጓደኛ የሚፈርመው።

መዝጋቢው የሚጠቀምበት ሰዓት አንድ ብቻ ይሁን፤ የእጅ ስልኩ ወይም የግድግዳው ሰዓት፤ የቱ እንደሆነም ወረቀቱ ላይ ይጻፍ። የስልኩ ስክሪን 09:05 ሲል ወረቀቱ 3፡05 የሚል ከሆነ በየትኛው አቆጣጠር እንደጻፋችሁ ከላይ አስታውቁ። ትንሽ ነገር ትመስላለች። ግን የበሩ ማሽን በአንዱ፣ ወረቀቱ በሌላው ሲሆን ኦዲተሩ የስድስት ሰዓት ልዩነት ያያል።

ሰዓቱን የሚጽፈው መዝጋቢው ነው፤ የሚፈርመው ሠልጣኙ ነው። ይህ ክፍፍል ዋና ነገር ነው። ሠልጣኙ ራሱ ከጻፈ ከላይ ያለውን ሰው ሰዓት ይገለብጣል። ሃያ ሰው በተከታታይ 3፡00፣ 3፡00፣ 3፡00 ብሎ ከጻፈ ማንም አያምነውም። ሃያ ሰው በአንድ ደቂቃ በአንድ በር አይገባም።

ሥልጠናው ሲጀመር መዝጋቢው የጀመረበትን ሰዓት ከላይ ይሞላል፤ በዚያች ቅጽበት ያልፈረመ ሰው ሁሉ በመግቢያ ሰዓቱ ቦታ ላይ ትንሽ ነጥብ ይደረግበታል። ነጥብ ያለበት ረድፍ አርፋጅ ወይም ቀሪ ነው ማለት ነው። አርፋጁ ሲመጣ ከመቀመጡ በፊት ፈርሞ ይገባል። «ዕረፍት ላይ እፈርማለሁ» የሚባል ነገር የለም፤ ዕረፍት ላይ ስንት ሰዓት እንደገባ ማንም አያስታውስም።

ቀድሞ የሚወጣም እንዲሁ። በሩ ላይ ሰዓቱ ይጻፋል፣ ይፈርማል፣ ምክንያቱ በሁለት ቃል አስተያየት ላይ ይሰፍራል። ምክንያቱ «ሥራ ተጠራ» ከሆነ ይበቃል። ስለ ሕመሙ ወይም ስለ ቤተሰቡ ዝርዝር አትጻፉ፤ ይህ ወረቀት ብዙ ሰው እጅ የሚገባ ነው። ተመልሶ ከመጣ አዲስ ረድፍ ከታች ይከፈትለታል። የድሮውን የመውጫ ሰዓት ሰርዞ አዲስ መጻፍ ግን በመሐል የነበረውን ክፍተት ያጠፋዋል።

ደረጃ 4፦ ጭንቅላት ቁጠሩ

ከምጽፈው ሁሉ አንዱን ብቻ የምትወስዱ ከሆነ ይህን ውሰዱ። ፊርማ የሰው ቃል ነው። ቆጠራ ደግሞ የመዝጋቢው ዓይን ነው። ሁለቱ ሲገጥሙ ነው ወረቀቱ የሚታመነው።

አራት ጊዜ ቁጠሩ፦ ከተጀመረ ከ25 ደቂቃ ገደማ በኋላ፣ ከዕረፍት 5 ደቂቃ በፊት፣ ከዕረፍት 5 ደቂቃ በኋላ፣ ሊያልቅ 5 ደቂቃ ሲቀረው። ውጤቱን ከሰዓቱ ጋር በወረቀቱ ግርጌ ጻፉ። ቁጥሩ ከፈረሙት ጋር ካልገጠመ ያኔውኑ ስም ጥሩና የጎደለው ማን እንደሆነ አስፍሩ። ነገ ሳይሆን ያኔውኑ።

ከዕረፍት በኋላ ያለውን ቆጠራ የሚዘልለው ሰው ብዙ ነው። ሰው በብዛት የሚጠፋው ግን ያኔ ነው። ማንም ተነስቶ ሲወጣ አይታይም፤ ዝም ብሎ አይመለስም።

አንድ ሥልጠና ከነቁጥሩ

የእሳት አደጋ መከላከል ሥልጠና ነው እንበል። ዕቅዱ ጠዋት 3፡00 ነበር፤ ፕሮጀክተሩ አስቸግሮ 3፡05 ተጀመረ። ዕረፍት ከ4፡35 እስከ 4፡50፤ ማብቂያ 6፡20። ዕረፍቱ ሲቀነስ 90 ሲደመር 90፣ በድምሩ 180 ደቂቃ። የእጅ ልምምዱ ከ4፡50 እስከ 5፡40 ነው፤ የማምለጫ መንገድና የመሰብሰቢያ ቦታ ትምህርት ከ5፡40 እስከ መጨረሻው። ደንቡ 162 ደቂቃ ነው፣ ሲደመር ሙሉ የእጅ ልምምድ።

በዝርዝሩ 26 ሰው አለ። አንዱ ፈቃድ ላይ፣ አንዱ ያለ ምክንያት ቀርቷል። 24 ፈርመው ገቡ። ቆጠራው 3፡30 ላይ 24፣ 4፡30 ላይ 24፣ 4፡55 ላይ 22፣ 6፡15 ላይ 22 ነበር። ከ24ቱ አምስቱን እንመልከት።

«ሀ» 3፡04 ገባ። በዕቅዱ ካየነው አርፍዷል፤ በእውነቱ ግን አንዲት ደቂቃ አላመለጠችውም። 180 ደቂቃ። ለዚህ ነው በዕቅድ ሰዓት የማንሠራው።

«ለ» 3፡19 ገባ። 14 ደቂቃ ተቀነሰበት፣ 166 ቀረው፣ 92 በመቶ ነው። ልምምዱ ላይም ነበር። አሟልቷል፤ አስተያየቱ ላይ ግን «ከመግቢያው ክፍል 14 ደቂቃ» ተብሎ ይጻፋል።

«ሐ» በሰዓቱ ገባ፤ ከዕረፍት የተመለሰው ግን 5፡02 ነው። 12 ደቂቃ ብቻ ነው የጎደለው። 168 ደቂቃ፣ 93 በመቶ። ከ«ለ» ይበልጣል! ግን አላሟላም፤ የጎደለው 12 ደቂቃ ከእጅ ልምምዱ ላይ ነው። ይህን ለሠራተኛ ማስረዳት ከባድ ነው፤ «እኔ ከእሱ የበለጠ ተቀምጬ» ይላችኋል። አስቀድሞ የተጻፈው ደንብ የሚጠቅመው እዚህ ላይ ነው።

«መ» 5፡58 ላይ ተጠርቶ ወጣ፤ በሩ ላይ ፈርሟል። 22 ደቂቃ ጎደለው፣ 158 ሆነ። ከ162 በታች ነው፤ አላሟላም። ምን እንደጎደለው ግን በትክክል እናውቃለን፦ የመሰብሰቢያ ቦታ ትምህርት ማብቂያ።

«ሠ» የመግቢያ ፊርማ አለው፣ የመውጫ የለውም። በማግስቱ ቢሮዬ መጣና «እስከ መጨረሻው ነበርኩ፤ መፈረም ረስቼ ነው» አለ እንበል። ቆጠራው ባይኖር ኖሮ አምነን እናስፈርመው ነበር። 4፡55 ላይ ስም ሲጠራ ያልነበሩት ግን «ሐ» እና «ሠ» ናቸው። «ሐ» 5፡02 ተመልሷል፤ ቁጥሩን 23 ያደርገዋል። «መ» ሲወጣ 22 ይሆናል። የመጨረሻው ቆጠራም 22 ነው። ለ«ሠ» ቦታ የለም። የሚቆጠርለት በዓይን እስከታየበት መጨረሻ ሰዓት፣ እስከ 4፡30 ነው፤ 85 ደቂቃ። የመውጫ ቦታው ባዶ ሆኖ ይቀራል፤ አስተያየቱ ላይ «መውጫ አልፈረመም፤ በ4፡30 ቆጠራ ነበር፣ በ4፡55 አልነበረም» ይባላል። የመውጫ ሰዓት ፈጥራችሁ አትሙሉለት።

ደረጃ 5፦ አዳራሹን ሳትለቁ ዝጉት

የመጨረሻው ሰው እንደወጣ መዝጋቢውና አሠልጣኙ አብረው አሥር ደቂቃ ይቀመጡ። ባዶ የቀሩ ረድፎች ላይ አግድም መስመር ይሰመር፤ ማንም በኋላ ስም እንዳይጨምር። ያልመጣው ሰው ረድፍ ላይ «ቀሪ» ይጻፍ። ከዚያ የገባና የወጣ ፊርማ ይቆጠር፦ 24 ገብተዋል፣ 23 የመውጫ ፊርማ አለ፣ ልዩነቱ «ሠ» ነው። ልዩነቱ ሲብራራ ሁለቱም ከነሰዓቱ ይፈርማሉ። ወዲያው ስካን ወይም ፎቶ ይነሳ። ዋናው ወረቀት ከዚህ በኋላ ሳይታረም እንደቆየ የሚመሰክረው ያ ፎቶ ነው።

ደረጃ 6፦ ደቂቃውን ኤክሴል ያስላው፤ ግን አትመኑት

ከB1 እስከ B4 ያሉት ሳጥኖች ላይ አራቱን ትክክለኛ ሰዓቶች አስገቡ፦ መጀመሪያ፣ ዕረፍት መውጫ፣ ዕረፍት መመለሻ፣ ማብቂያ። የሰውየው መግቢያ D8፣ መውጫ E8 ከሆነ ቀመሩ ይህ ነው፦

```
=IF(COUNT(D8:E8)<2,"አጣራ",
ROUND((MAX(0,MIN(E8,$B$2)-MAX(D8,$B$1))
+MAX(0,MIN(E8,$B$4)-MAX(D8,$B$3)))*1440,0))
```

ሥራው ቀላል ነው። ሰውየው ከሁለቱ ክፍለ ጊዜዎች በእያንዳንዱ ስንት እንደቆየ ለየብቻ ይለካና ይደምራል። ስለዚህ ዕረፍቱ ራሱ ይወጣል፤ በዕረፍት መሐል የገባ ሰውም ሁለቴ አይቀነስበትም። ቀድሞ መጥቶ የተቀመጠ ትርፍ ደቂቃ አያገኝም። በ1440 የምናባዛው ኤክሴል ሰዓትን የቀን ክፍልፋይ አድርጎ ስለሚይዝና በቀን 1440 ደቂቃ ስላለ ነው። እንደ «ሐ» ወጥቶ የተመለሰ ሰው ሁለት ረድፍ ይኖረዋል፤ የሁለቱ ድምር ይወሰዳል።

የመጀመሪያው መስመር ለጌጥ አይደለም። እሱን ብታወጡት E8 ባዶ ሲሆን `MIN` ባዶውን ሳጥን ችላ ይለውና የክፍለ ጊዜውን ማብቂያ ይወስዳል። «ሠ» ሳይፈርም በመውጣቱ ሙሉ 180 ይሸለማል። ይባስ ብሎ ሁለቱም ባዶ ከሆኑ ጨርሶ ያልመጣው ሰው 180 ያገኛል! ይህን ስህተት በአንድ ፋይል ውስጥ ያገኘሁት ቀሪዎቹ ሁሉ ጎበዝ ተማሪ ሆነው ሲመጡ ነው።

ሌላም ወጥመድ አለ። በአማርኛ ኪቦርድ 3፡05 ብላችሁ በአማርኛው ሁለት ነጥብ ከጻፋችሁ ኤክሴል እንደ ጽሑፍ ነው የሚያየው። በእንግሊዝኛው ኪቦርድ `3:05` መሆን አለበት። ቀመሩ በጽሑፍ የገባውንም «አጣራ» ስለሚል ታገኙታላችሁ።

ቁጥሩን አንድ ሰው ካስገባ ሌላ ሰው ከወረቀቱ ጋር ያመሳክር። ሁሉንም ማየት ካቃተ ቢያንስ ያረፈዱትን፣ ቀድመው የወጡትንና «አጣራ» የወጣባቸውን ሁሉ ይይ። ስህተት ያለው እዚያ ነው።

ስህተት ሲታረም

መዝጋቢው 3፡19 ሊጽፍ 3፡91 ጻፈ። በላዩ አይደገም፤ በነጭ ማጥፊያ አይቀባ። አንድ ቀጭን መስመር ይሰመርበት፣ የተሳሳተው እንደተነበበ ይቆይ፤ ትክክለኛው አጠገቡ ይጻፍ፣ ፓራፍና የታረመበት ቀን ይደረግበት። ለምን እንደታረመ ግልጽ ካልሆነ አንድ ቃል ይጨመር። እርማት ያለበት ወረቀት አያሳፍርም። እኔ እንዲያውም ሁለት ሦስት ንጹሕ እርማት ያለበትን ወረቀት ከአንድም ጭረት ከሌለበት የበለጠ አምነዋለሁ፤ የኋለኛው ብዙ ጊዜ ቢሮ ውስጥ እንደገና የተገለበጠ ነው።

በእርግጥም ተገኝቶ መፈረም የረሳ ሰው ይኖራል። ዋናው ወረቀት ላይ አይፈርምም፤ ያ ተዘግቷል። በሌላ ወረቀት መግለጫ ይጽፋል፤ ቀኑ የዛሬ ቀን ነው፤ የዚያን ቀን አይደለም። ለመግለጫው ደጋፊ ያስፈልጋል፤ ቆጠራው፣ በዚያ ሰዓት የሠራው ፈተና ወይም ስም ሲጠራ የተመዘገበው። ደጋፊ ከሌለ አይቆጠርም። ወደ ኋላ ቀን አስገብቶ ማስፈረም ግን ስህተት ማረም አይደለም፤ ሐሰተኛ ሰነድ ማዘጋጀት ነው። አለቃም ቢያዝ።

ያልተሟላው እንዴት ይሟላል?

በመዝገባችሁ ላይ «አሟልቷል»፣ «በከፊል» እና «ቀሪ» የሚሉ ሦስት ሁኔታዎች ይብቁ። ፈቃድ ላይ የነበረው ሰውም «ቀሪ፣ በፈቃድ» ነው። ምክንያት ያለው ቀሪ እንደ አሟላ የሚቆጠርበት ቦታ ብዙ አይቻለሁ። ምክንያቱ ከቅጣት ያድነዋል እንጂ እሳት ማጥፋት አያስተምረውም።

ለ«መ» ሙሉ ሥልጠናውን መድገም አያስፈልግም። ያመለጠው ከ5፡58 በኋላ ያለው ስለሆነ የመሰብሰቢያ ቦታውን ክፍል ከመነሻው ይወስዳል፤ 40 ደቂቃ። ከመሐሉ ጀምሮ 22 ደቂቃ ብቻ መስጠት በወረቀት ይሞላል፣ በጭንቅላት ግን አይገባም። ማካካሻው የራሱ ወረቀት ይኖረዋል፤ የራሱ መግቢያና መውጫ፣ የአሠልጣኝ ፊርማ፣ የመጀመሪያው ሥልጠና ቁጥርም ይጠቀስበታል። የመጀመሪያው ወረቀት ላይ ምንም አይቀየርም። በመዝገቡ ላይ «አሟልቷል» የሚባለው ከማካካሻው ቀን ጀምሮ ነው። በመካከሉ ባሉት ቀናት ሰውየው ያልሠለጠነ ሰው ነው፤ ሥልጠናውን የሚጠይቅ ሥራ ላይ ከተመደበ ኦዲተሩ የፈረቃ ሰሌዳውን አይቶ ያገኘዋል። ስለዚህ የማካካሻ የመጨረሻ ቀን አስቀምጡና ለፈረቃ ኃላፊው ስሙን በዚያው ቀን ላኩ።

በኦንላይን ከሆነ

ብዙ አልልም። ሪፖርቱን ሥልጠናው እንዳለቀ አውርዱና ምንም ሳትነኩ አስቀምጡት፤ ሥራችሁን በቅጂው ላይ ሥሩ። ሰው በስልክም በኮምፒውተርም ከገባ ሁለቱን አትደምሩ፤ ሰዓቶቹ ይደራረባሉ። ኔትወርክ አቋርጦት አምስት ጊዜ የገባ የወጣ ሰው አምስት ረድፍ ይኖረዋል፤ ከላይ ያለው ቀመር ለእያንዳንዱ ይሠራል። «አይፎን» የሚል ስም ይዞ የገባውን ሰው ማንነት ሥልጠናው ሳያልቅ ጠይቁ። ከሁሉ በላይ መግባት መገኘት አይደለም፤ በመሐል ሦስት አራት ጊዜ መልስ የሚጠይቅ ጥያቄ ጣሉ። የአዳራሹን ቆጠራ የሚተካው እሱ ነው።

ፋይሉ ውስጥ ምን ይግባ?

ለአንድ ሥልጠና አንድ ፋይል። ዋናው የፊርማ ወረቀት፣ የደቂቃ ሰንጠረዡ፣ በዚያ ቀን ሥራ ላይ የነበረው ደንብ ቅጂ፣ የትምህርቱ ይዘት ከነሰዓት ክፍፍሉ፣ የአሠልጣኙ ብቃት ማስረጃ፣ የፈተና ውጤት፣ የማካካሻ ወረቀቶች። የሰዓት ክፍፍሉን አትርሱ፤ እሱ ከሌለ «12 ደቂቃ ጎደለው» ማለት ትችላላችሁ እንጂ ከምኑ እንደጎደለ አታውቁም። የፈተና ውጤቱ የገባውም በምክንያት ነው። አቴንዳንስ ሰው መቀመጡን ያሳያል፣ ማወቁን አያሳይም። ለምሳሌ የISO 9001:2015 አንቀጽ 7.2 የሚጠይቀው የብቃት ማስረጃ ነው፤ ፊርማ ብቻውን አይበቃውም።

የማቆያ ጊዜው እንደ ሕጉ ይለያያል። የአሜሪካ የሥራ ደህንነት ደንብ በደም ለሚተላለፉ በሽታዎች መከላከያ ሥልጠና መዝገቡ 3 ዓመት እንዲቆይ ያዛል፤ የሥልጠናው ቀን፣ የይዘቱ ማጠቃለያ፣ የአሠልጣኙ ስምና ብቃት፣ የሠልጣኞቹ ስምና የሥራ መደብ እንዲኖርበትም ይጠይቃል። የእናንተን ከሚመለከታችሁ ሕግ አይታችሁ ፋይሉ ሽፋን ላይ «እስከዚህ ቀን አይወገድ» ብላችሁ ጻፉ።

ፋይሉን ከመዝጋታችሁ በፊት ኦዲተሩን ቅደሙት። ከፊርማ ወረቀቱ አምስት ስም በዕጣ አውጡ፤ የዚያን ቀን የፈቃድ ዝርዝርና የፈረቃ ሰሌዳ ጎን ለጎን አድርጋችሁ አመሳክሩ። ከዚያ ከሠራተኞች ዝርዝር ሌላ አምስት አውጥታችሁ ወደ ወረቀቱ ሂዱ። ሩብ ሰዓት አይፈጅም። ያኔ እንዲህ አድርጌ ቢሆን ተራ ቁጥር 14ን ከኦዲተሩ በፊት እኔ አገኘው ነበር።